የባንክ ስቴትመንት መስመር በመስመር ሲነበብ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የቤት ዕቃ የምትሸጥ ባለሱቅ አለች እንበል። ገቢና ወጪዋን በደብተር ትመዘግባለች። በወሩ መጨረሻ ደብተሯ በባንክ ሊኖራት የሚገባው 27,950 ብር ነው ይላል። ከቅርንጫፉ ያወጣችው ስቴትመንት ግን 28,026.59 ይላል። የ76 ብር ከ59 ሳንቲም ልዩነት አለ፤ ደግሞ የበለጠው በባንኩ በኩል ነው። «ትርፍ ከሆነማ ይሁን» ብሎ መተው ቀላል ነው። ነገር ግን ይህች ትንሽ ልዩነት ስድስት የተለያዩ መስመሮችን በሆዷ ይዛለች፤ ከእነሱም ውስጥ ባለሱቋ ልትጠይቅበት የሚገባ ገንዘብ አለ። ስቴትመንቱ ይኸውና። ሂሳቡ ለማብራሪያ ያዘጋጀነው ምሳሌ ነው፤ አቀማመጡና አጻጻፉ ግን በየቅርንጫፉ ታትሞ ከሚሰጠው ጋር ይመሳሰላል።

```
DATE    VALUE   REFERENCE     DESCRIPTION       DEBIT     CREDIT    BALANCE
01 MAR                        BAL B/F                               18,450.00
03 MAR  03 MAR  TT250624H7XD  CSH DEP                     12,000.00 30,450.00
05 MAR  05 MAR  FT2506491KPL  ATM WDL            3,000.00           27,450.00
08 MAR  08 MAR  FT250677KQ2M  MB TRF            15,000.00           12,450.00
08 MAR  08 MAR  FT250677KQ2M  SC                    10.00           12,440.00
08 MAR  08 MAR  FT250677KQ2M  VAT                    1.50           12,438.50
15 MAR  15 MAR  FT25074B3R9V  ATM OTH BNK        4,000.00            8,438.50
15 MAR  15 MAR  FT25074B3R9V  SC                    20.00            8,418.50
15 MAR  15 MAR  FT25074B3R9V  VAT                    3.00            8,415.50
17 MAR  17 MAR  FT250765WN8C  TRF FRM WALLET               6,500.00 14,915.50
20 MAR  20 MAR  FT25074B3R9V  REV ATM OTH BNK              4,000.00 18,915.50
24 MAR  26 MAR  FT25083Z6D1T  CHQ DEP                      9,000.00 27,915.50
31 MAR  31 MAR                INT CAP                        116.94 28,032.44
31 MAR  31 MAR                INT TAX                5.85           28,026.59
```

ከመጀመሪያው መስመር በፊት ቀኑን እናጥራ። ባንኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ባለሱቋ «የመጋቢትን ስጡኝ» ብትል ገንዘብ ከፋዩ የሚያትምላት ከማርች 1 እስከ 31፣ 2025 ያለውን ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ በእኛ ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22፣ 2017 ነው። ደብተሯ በሐበሻ ወር ከተዘጋ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ የየካቲት ቀናት እንግዳ ይሆኑባታል፤ የመጋቢት የመጨረሻዎቹ ስምንት ቀናት ደግሞ ጠፉ ትላለች። ብዙ «አልገጥም አለኝ» የሚባል ሂሳብ መነሻው እዚሁ ነው። ስቴትመንት ሲጠይቁ የሚፈልጉትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን በፈረንጅ ጽፎ መስጠት ይህን ይገላግላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ለእኛ ሌሊቱ ከማታው ጋር የሚሄድ ነው፤ ለባንኩ ማሽን ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍ አዲስ ቀን ገብቷል። ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በሞባይል የተላከ ገንዘብ በእሑድ ቀን ቢገኝ ስህተት አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው መስመር። BAL B/F ማለት ካለፈው ወር የዞረ ቀሪ ሂሳብ ማለት ነው። በዚያ ቀን የገባም የወጣም ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ በዴቢትም በክሬዲትም ዓምድ ምንም አልተጻፈበትም፤ ቁጥሩ ያለው ቀሪው ዓምድ ላይ ብቻ ነው። ይህን 18,450.00 ለማመን አንድ ማረጋገጫ ብቻ ያስፈልጋል፦ ያለፈው ወር ስቴትመንት የመጨረሻ ቁጥር ይኸው መሆን አለበት። ካልሆነ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያልታተመ ቀን አለ ማለት ነው። ስቴትመንቱ ብዙ ገጽ ከሆነም ያው ሕግ ይሠራል። የአንዱ ገጽ ግርጌ C/F ብሎ ያስተላለፈውን ቀጣዩ ገጽ B/F ብሎ ይቀበለዋል። ካልተቀበለው መሐል ላይ ገጽ ጎድሏል።

ዴቢትና ክሬዲት ላይ የሒሳብ አያያዝ የተማሩ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ይምታታባቸዋል። በራሳቸው መዝገብ የባንክ ሂሳብ ሲጨምር ዴቢት ይባላል ብለው ተምረዋል፤ ስቴትመንቱ ደግሞ ተገላብጦ ይመጣል። ምክንያቱ ወረቀቱ የተጻፈው በባንኩ ዓይን በመሆኑ ነው። እርስዎ ያስቀመጡት ገንዘብ ባንኩ ለእርስዎ ያለበት ዕዳ ነው። 12,000 ብር ሲያስገቡ ባንኩ ያለበት ዕዳ ስለሚጨምር በክሬዲት ይጽፈዋል። ሲያወጡ ዕዳው ስለሚቀንስ በዴቢት ይጽፈዋል። በአጭሩ CREDIT የሚለው ገባልኝ፣ DEBIT የሚለው ወጣብኝ ተብሎ ይነበብ።

የስቴትመንቱ ልብ ያለው ግን በመጨረሻው ዓምድ፣ BALANCE በሚለው ላይ ነው። እያንዳንዱ መስመር የሚለው እንዲህ ነው፦ ከላዬ ያለውን ቀሪ ወስጄ፣ ክሬዲት ከሆንኩ ጨምሬ፣ ዴቢት ከሆንኩ ቀንሼ ይህን አገኘሁ። 18,450 ላይ 12,000 ሲጨመር 30,450 ይሆናል። ከእሱ 3,000 ሲቀነስ 27,450። እስከ ታች በዚህ ዓይነት እንደ ሰንሰለት ይያያዛል። አንድ መስመር ተሰርዞ ወይም ቁጥሩ ተነካክቶ ቢሆን ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ቤት አከራይ ወይም ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ ሰው የቀረበለት ስቴትመንት በኮምፒውተር የተነካ መሆኑን የሚጠረጥር ከሆነ ማኅተሙን ከማየት ይልቅ አምስትና ስድስት መስመር በካልኩሌተር ቢሞክር ይሻለዋል።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ያደናግራል። አንዳንድ የሞባይል መተግበሪያ አዲሱን መስመር ከላይ፣ አሮጌውን ከታች ያሳያል፤ ያኔ ስሌቱ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ በአንድ ቀን የተሠሩ መስመሮች የሚሰለፉት ባንኩ በመዘገባቸው ቅደም ተከተል ነው፤ እርስዎ በሠሩበት ሰዓት ላይሆን ይችላል። ጠዋት አስገብተው ከሰዓት ያወጡት ተገላብጦ ቢታይ የዕለቱ መጨረሻ ቀሪ እስከገጠመ ድረስ የጠፋ ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው የመግለጫው ዓምድ ነው። ምህፃረ ቃሎቹን እያንዳንዱ ባንክ በራሱ ስለሚያወጣቸው ሁሉንም በቃል መያዝ አይሞከርም። ጥሬ ገንዘብ ሲገባ አንዱ CSH DEP ያለውን ሌላው CASH LODG ሊለው ይችላል። እንዲያውም ይህ እንቆቅልሽ በፊደሉ ሳይሆን በቁጥሩ ይፈታል ብንል ይቀላል። ማርች 8ን እንመልከት። ባለሱቋ ያን ዕለት፣ የካቲት 29፣ ለጅምላ ሻጭዋ በሞባይል 15,000 ብር ልካለች። በደብተሯም 15,000 ብላ ጽፋለች። ስቴትመንቱ ግን ሦስት መስመር አለው። MB TRF በሞባይል ባንኪንግ የተላከው 15,000 ነው። ከሥሩ 10.00፣ ከእሱ ሥር 1.50 አለ። SC እና VAT የሚሉት ባይነበቡም እንኳ 1.50 የ10 ብር 15 በመቶ መሆኑን ስናይ ጉዳዩ ይገለጣል፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መጣኔ ነው። ስለዚህ 10 ብሩ የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ፣ 1.50ው በክፍያው ላይ የተጣለ ታክስ ነው። በማርች 15 ያሉት 20.00 እና 3.00ም ያንኑ ዝምድና ይዘዋል። ትንሽ ቁጥር ከትልቅ ቁጥር ሥር ተጠግታ ስትገኝ፣ ቀኑም መለያ ቁጥሩም አንድ ሲሆን፣ የትልቁ ክፍያ ናት።

ያ መለያ ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። ቲ24 በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠሩ ባንኮች፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም አንዱ ነው፣ ቁጥሩን በFT ወይም በTT ይጀምሩታል። TT ገንዘብ ከፋይ መስኮት ላይ የተሠራ ሥራ ነው። FT ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የተላለፈ ገንዘብ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የፈረንጁ ዓመት ሲሆኑ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረው ቀን ናቸው። FT25067 የሚለውን እንፍታ። 25 ማለት 2025 ነው። 067 የዓመቱ 67ኛ ቀን ነው። ጃንዋሪ 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ሲደመሩ 59 ናቸው፤ 67 ሲቀነስ 59 ስምንት ይሆናል፤ ማርች 8። «ትናንት ልኬልሃለሁ» ብሎ የደረሰኝ ፎቶ የሚያሳይ ደንበኛ ሲመጣ፣ ከላይ የተጻፈው ቀን ከFT ቁጥሩ ጋር ካልተስማማ ደረሰኙ አሮጌ ወይም የተነካካ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ቀኑ ቢገጥምም ገንዘቡ መግባቱ የሚታወቀው በራስ ስቴትመንት ላይ ያው FT በክሬዲት ሲታይ ብቻ ነው።

የወሩ ዋና ነገር ያለው በማርች 15 ላይ ነው። ቅዳሜ፣ መጋቢት 6፣ ባለሱቋ ከሌላ ባንክ ኤቲኤም 4,000 ብር ልታወጣ ሞከረች። ማሽኑ ካርዷን መለሰ፤ ብር ግን አልሰጣትም። መብራት ወይም ኔትወርክ ብልጭ ድርግም በሚልበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። በደብተሯ ምንም አልጻፈችም፤ ያልወሰደችው ገንዘብ ነውና። ስቴትመንቱ ግን ATM OTH BNK ብሎ 4,000 ቀንሶባታል።

ይህ የሚሆንበትን መንገድ ማወቅ ድንጋጤን ይቀንሳል። ማሽኑ የሌላ ባንክ ስለሆነ ጥያቄው ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደ እሷ ባንክ ይሄዳል። ባንኳ ገንዘቡ መኖሩን አይቶ ወዲያው ከሂሳቧ ይቀንስና «ስጣት» የሚል መልስ ይልካል። ብሩ ከመውጣቱ በፊት መስመሩ ቢቋረጥ፣ ወይም ኖቱ ውስጥ ቢጣበቅ፣ ቅነሳው ግን ቀድሞ ተፈጽሟል። ማሽኑ ብር አለመስጠቱን አውቆ በዚያው ቅጽበት ማስታወቅ ከቻለ 4,000ው በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ካልቻለ የማሽኑ ባለቤት ባንክ ሣጥኑን ቆጥሮ ትርፉን እስኪያገኝና ሁለቱ ባንኮች መዝገባቸውን እስኪያመሳክሩ መጠበቅ የግድ ነው። መሐል ላይ ቅዳሜና እሑድ ሲኖሩ ቀናት ይወስዳል።

የእሷ በአምስተኛው ቀን ተመልሷል። በማርች 20 ያለው REV ATM OTH BNK ይህ ነው። REV ማለት ቀድሞ የተሠራ መዝገብ ተቀልብሶ ገንዘቡ ተመለሰ ማለት ነው። የቀኑን ልዩነት አትመልከቱ፤ መለያ ቁጥሩን ተመልከቱ። ሁለቱም FT25074B3R9V ናቸው፤ 074 የዓመቱ 74ኛ ቀን፣ ማርች 15 ነው። መመለሻው በ20 ቢመዘገብም የየትኛው ሥራ መመለሻ እንደሆነ ያ ቁጥር ይናገራል። አንዳንድ ባንክ ለመመለሻው ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያኔ በገንዘቡ ልክ ማጣመር ነው። ጥንድ ያላገኘ ያልተሳካ ወጪ ካለ ገንዘቡ ገና አልተመለሰም።

ማርች 17 ላይ ያለው TRF FRM WALLET አንድ ደንበኛ ከሞባይል ገንዘብ ሂሳቡ ወደ ባንኳ ያሻገረው 6,500 ብር ነው። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

ማርች 24 ግን ሁለት ቀን ይዟል። DATE በሚለው 24፣ VALUE በሚለው 26። CHQ DEP የቼክ ገቢ ነው። ባንኩ ቼኩን የተቀበለበት ቀን 24 ሲሆን፣ ገንዘቡ በእርግጥ የእሷ የሚሆነውና ወለድ መቁጠር የሚጀምረው ከ26 ጀምሮ ነው። በመሐል ቼኩ ወደ ጻፈው ሰው ባንክ ሄዶ ስንቅ እንዳለው ይጣራል። ስለዚህ በ24 ምሽት BALANCE 27,915.50 ቢልም ልታወጣ የምትችለው 18,915.50 ብቻ ነው። መተግበሪያው ላይ ሁለት ቀሪ ጎን ለጎን ሲታይ አንዱ ይህ ነው፤ የሚያወጡት Available የሚለውን ነው። ቼኩ ስንቅ አልባ ሆኖ ቢመለስ ኖሮ 9,000ው በዴቢት ተመልሶ ይወጣ ነበር። በቼክ የተሸጠ ዕቃ ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት የሚታየው ዓምድ VALUE ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ወለድና የወለድ ግብር ናቸው። INT CAP ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደመረ ማለት ነው። ልክነቱን ለማየት በየቀኑ መጨረሻ የነበረውን ቀሪ መደመር ነው። 18,450 ሁለት ቀን፣ 30,450 ሁለት ቀን፣ 27,450 ሦስት ቀን እያሉ፣ ቼኩን ከ26 ጀምሮ ቆጥረው እስከ 31 ሲደርሱ ድምሩ 609,783 ይሆናል። ይህን በ7 በመቶ አባዝተን ለ365 ስናካፍል 116.94 ይመጣል። ከዚያ ላይ 5.85 በግብር ተቆርጧል፤ ይህም በወሩ ይሠራበት በነበረው መጣኔ የወለዱ 5 በመቶ ነው። እንዲህ ቀን በቀን መደመር ያታከተው ሰው ግምት ይበቃዋል፦ በወሩ በአማካይ 20,000 ገደማ ከነበረ፣ በ7 በመቶ ወለዱ ከ115 ብር ብዙ አይርቅም። 11 ብር ወይም 1,100 ብር ቢል ግን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። ባለሱቋ የጻፈችው የዞረ 18,450፣ የገባ 12,000፣ የወጣ 3,000፣ የተላከ 15,000፣ የደንበኛ 6,500፣ ቼክ 9,000 ነው። ውጤቱ 27,950። የኤቲኤሙ 4,000 ወጥቶ ስለተመለሰ በሁለቱም ወገን ዜሮ ነው። በደብተሯ የሌሉት ስድስቱ ትንንሽ መስመሮች ብቻ ናቸው፦ ወለዱ 116.94 ይጨምራል፤ 10፣ 1.50፣ 20፣ 3 እና 5.85 ይቀንሳሉ። ተደምረው ሲቀነሱ 76.59 ይቀራል። ልዩነቱ እስከ ሳንቲሙ ተገኘ።

ከስድስቱ ሁለቱ ግን መቀመጥ የሌለባቸው ናቸው። የ4,000ው ወጪ ተቀልብሷል፤ ለዚያ ወጪ የተቆረጡት 20 ብርና 3 ብር ግን REV የሚል ጥንድ የላቸውም። ማሽኑ ብር ሳይሰጥ የአገልግሎት ክፍያው ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው። ቀሪውን ብቻ የሚመለከት ሰው ወለዱ ስለሸፈነው ይህን ፈጽሞ አያየውም።

አቤቱታው የሚቀርበው ካርዱን ለሰጠው ለራሷ ባንክ ነው፤ ማሽኑን ላቆመው ባንክ አይደለም፤ እሱ ስሟንም ሂሳቧንም አያውቅም። ይዛ የምትሄደው ስቴትመንቱን፣ መታወቂያዋን፣ የካርዱን የመጨረሻ አራት አኃዞች፣ ማሽኑ ያለበትን ቦታና ሰዓቱን ነው። ሰዓቱን ስትጽፍ «ከቀኑ 10 ሰዓት» ካለች ባንኩ 16:00 ብሎ እንዲፈልገው ሁለቱንም ብትጽፍ ይሻላል። ስቴትመንቱ ላይ በዴቢት ዓምድ ሦስት ቦታ FT25074B3R9V ያለበትን በእስክሪብቶ አስምራ «አንዱ ተመልሷል፣ ሁለቱ አልተመለሱም» ካለች ጉዳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ከተፈቀደላት በኤፕሪል ስቴትመንት ላይ የምትፈልገው REV SC 20.00 እና REV VAT 3.00 የሚሉ ሁለት መስመሮችን በክሬዲት ዓምድ ነው፤ የኤፕሪሉ BAL B/F ደግሞ 28,026.59 ብሎ መጀመር አለበት።